ሚያዝያ ስንት የሥራ ቀን አላት?

የ2018 ሚያዝያ የሚብተው ሐሙስ ነው። በማግስቱ ዓርብ ስቅለት፣ እሑድ ሚያዝያ 4 ደግሞ ፋሲካ ነው። ዓርብ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ይከበራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ያለች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከሚያዝያ 1 እስከ ሚያዝያ 30 የዓመት ፈቃድ ብትጠይቅ ስንት ቀን ይቀነስባታል?

ሲያዩት የልጅ ሒሳብ ይመስላል። መልሱ ግን እንደ ቆጣሪው ይለያያል። አንዱ ወሩን እንዳለ ወስዶ 30 ይላል። ሌላው ቅዳሜና እሑድን አውጥቶ 22 ላይ ያቆማል። ሦስተኛው ከ22 ላይ አራቱን በዓላት ቀንሶ 18 ይጽፋል። ትክክለኛው መልስ 19 ነው። ሠላሳ ብሎ የጻፈውን ሰው ወዲያው ያርሙታል። 22 የጻፈውም በዓላቱን እንደረሳ ይታወቅበታል። አስቸጋሪው 18 ነው፤ ምክንያቱም እረፍቱንም በዓሉንም ያሰበ ሰው የጻፈው ቁጥር ስለሆነ እውነት ይመስላል።

የዓመት ፈቃድ በሕጋችን የሚለካው በሥራ ቀን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ ቆጠራው አንድ ቀን ሲዛነፍ ከሠራተኛው ወይም ከአሠሪው ኪስ የአንድ ቀን ደመወዝ ይወጣል ማለት ነው።

ሁሉም ፈቃድ ግን በሥራ ቀን አይቆጠርም። ይኸው አዋጅ የቅርብ ቤተሰብ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀናት ሲፈቅድ፣ ሚስቱ ለወለደችለት አባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀናት ነው። ሁለቱም ሦስት ናቸው፤ ነገር ግን በእኛዋ ሚያዝያ እንያቸው። ሐሙስ ሚያዝያ 1 ሐዘን ላይ የተቀመጠው ሰው ሐሙስን አንድ ብሎ ስቅለትን፣ ቅዳሜንና ፋሲካን ይዘላል፤ ሰኞና ማክሰኞን ጨምሮ ወደ ሥራ የሚመለሰው ረቡዕ ሚያዝያ 7 ነው። አባትየው ግን ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ብሎ ሦስቱን ይጨርሳል፤ ሰኞ ሚያዝያ 5 ቢሮ ይገኛል። የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ በተከታታይ ቀን የሚቆጠር ስለሆነ በዓል ቢገባበትም አይረዝምም። ከመቁጠር በፊት የፈቃዱ ዓይነት በየትኛው ቀን እንደሚለካ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንመለስ። በእጅ ሲቆጠር ቀላሉ መንገድ ሳምንት በሳምንት መሄድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጎዶሎ ነው፤ ሐሙስ ሚያዝያ 1 ብቻዋን አንድ የሥራ ቀን ናት፣ ዓርብ ስቅለት ስለሆነ አይቆጠርም። ከሚያዝያ 5 እስከ 9 አምስት ቀን፣ ከ12 እስከ 16 አምስት ቀን። ከ19 እስከ 23 ያለው ሳምንት ዓርቡን ለሠራተኞች ቀን ስለሰጠ አራት ይሆናል። ከ26 እስከ 30 ያለውም ማክሰኞን ለአርበኞች ቀን ስለሰጠ አራት ነው። ድምሩ 19።

ፋሲካ የት ገባ? የትም አልገባም። ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውል እሑድን ከሚያርፍ ሰው ላይ የሚቀንሰው የሥራ ቀን የለም። ስቅለት ደግሞ ሁልጊዜ ዓርብ ነውና በየዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይወስዳል። 18 የጻፈው ሰው ያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ እሑድን አንድ ጊዜ የሳምንት እረፍት ብሎ ካወጣ በኋላ ያንኑ እሑድ በዓል ብሎ ደግሞ ቀነሰው። ደንቡ አጭር ነው፤ ከበዓላት ዝርዝር ውስጥ የሚቀነሱት በሁለቱ ቀኖች መካከል ያሉና በሥራ ቀን ላይ የዋሉት ብቻ ናቸው። ሁለት በዓል አንድ ቀን ላይ ቢገጥምም የሚቀነሰው አንድ ቀን ነው። ጠቅላላ የበዓላትን ቁጥር ይዞ በጅምላ መቀነስ የትም አያደርስም።

እስካሁን ቅዳሜን እረፍት አድርገን ነው የቆጠርነው። በአገራችን ግን ቅዳሜን የሚሠራው ብዙ ነው፤ ፋብሪካው፣ ሱቁ፣ ባንኩ። ቅዳሜ እንደ ሙሉ የሥራ ቀን በሚቆጠርበት ድርጅት ያቺው ሚያዝያ አራት እሑዶችና ሦስት በሥራ ቀን የዋሉ በዓላት ወጥተውላት 23 የሥራ ቀናት አሏት። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራበት ቦታ ደግሞ አለ። እዚያ ቅዳሜ እንደ አንድ ቀን ይቆጠር ወይስ እንደ ግማሽ የሚለው በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ የውስጥ ደንብ በጽሑፍ ካልተቀመጠ በየፈቃዱ መጨቃጨቅ አይቀርም።

የቅዳሜ ጉዳይ ትልቅ የሚሆነው ጥያቄው ሲገለበጥ ነው። ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ከዚህ እስከዚህ ስንት ቀን ነው?» ብለው ሳይሆን «16 ቀን አለኝ፤ ሚያዝያ 1 ብወጣ መቼ ልመለስ?» ብለው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለምትሠራው የሒሳብ ሠራተኛ 16ኛዋ ቀን ሰኞ ሚያዝያ 26 ላይ ታልቃለች። ማግስቱ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ሥራ የምትገባው ረቡዕ ሚያዝያ 28 ነው። ቅዳሜን የሚሠራው ጎረቤቷ ግን ሚያዝያ 1 እና 3ን፣ ከ5 እስከ 10 ስድስት ቀን፣ ከ12 እስከ 17 ስድስት ቀን፣ ከዚያ ሰኞና ማክሰኞን ቆጥሮ ሚያዝያ 20 ላይ 16ቱን ይጨርሳል። ረቡዕ ሚያዝያ 21 ሥራ ላይ ነው። አዋጁ ለሁለቱም 16 ቀን ሰጥቷል፤ አንዷ ግን ድፍን አንድ ሳምንት ዘግይታ ትመለሳለች። ይህ የቆጠራ ስህተት አይደለም፤ ፈቃድ በሥራ ቀን ሲለካ የሚመጣ ውጤት ነው። ቅዳሜን የሚያሠራ ድርጅት ተቀጣሪ ሲፈርም ይህን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ በየፈቃዱ በጣት መቁጠር የማይፈልግ የሰው ኃይል ክፍል ኤክሴል ይጠቀማል። የመጀመሪያው ቀን A2፣ የመጨረሻው ቀን B2 ላይ ቢጻፍና የበዓላቱ ዝርዝር በF ዓምድ ቢቀመጥ የሚከተለው ቀመር የሥራ ቀናቱን ይቆጥራል፦

```
=NETWORKDAYS.INTL(A2,B2,1,$F$2:$F$20)
```

መካከል ላይ ያለችው 1 ቅዳሜና እሑድ እረፍት ናቸው ማለት ነው። እሑድ ብቻ እረፍት ከሆነ በ1 ፋንታ 11 ይጻፋል። ቀመሩ እረፍት ቀን ላይ የዋለ በዓልን ሁለት ጊዜ አይቀንስም፤ ፋሲካን ዝርዝሩ ውስጥ ብንጽፈውም ባንጽፈውም መልሱ 19 ነው። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ቀን አብሮ ይቆጥራል፤ «ከሚያዝያ 1 እስከ 30» ስንል እኛም የምናስበው እንዲሁ ነው።

ሁሉም መሣሪያ ግን እንዲህ አያስብም። የፓይተን ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት የናምፓይ `busday_count` የመጨረሻውን ቀን አይቆጥርም። ያው ሚያዝያ ቢሰጠው፣ ሚያዝያ 30 ዓርብና የሥራ ቀን ስለሆነች እሷን ጥሎ 18 ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ ፋሲካን ሁለት ጊዜ የቀነሰው ሰው ያገኘው ቁጥር ነው። የደመወዝ ሶፍትዌር ከእጅ ቆጠራ በአንድ ሲያንስ ወዲያው በዓላቱን መጠርጠር አያስፈልግም። የሥራ ቀን የሆነች አንዲት ቀን ብቻ፣ መነሻዋም መድረሻዋም ያችው ቀን ሆና፣ ብትሰጡት መልሱ 1 መሆን አለበት። ዜሮ ካለ ችግሩ የመጨረሻው ቀን ነው።

የመመለሻውን ቀን ለማግኘትም ቀመር አለ፤ ስሙ `WORKDAY.INTL` ነው። ይህኛው ጠባዩ ከመጀመሪያው ይለያል፤ መነሻውን ቀን ሳይቆጥር ከማግስቱ ነው አንድ የሚለው። ስለዚህ ሚያዝያ 1 እና 16 ብንሰጠው ሚያዝያ 28ን ይመልሳል፤ ይኸውም ሥራ የምትገባበት ቀን ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «እንግዲህ የመመለሻ ቀን ይሰጣል» ብሎ ይደመድማል። የፈቃዱ መነሻ እሑድ ሆኖ የተጻፈ ዕለት ግን ያው ቀመር የሚሰጠው የመመለሻውን ሳይሆን የፈቃዱን የመጨረሻ ቀን ነው፤ ሠራተኛዋም ፈቃዷ ሳያልቅ አንድ ቀን ቀድማ ትጠራለች። መፍትሔው ከመነሻው አንድ ቀን ወደ ኋላ ሄዶ መጀመር፣ በ16 ፋንታም 17 መጠየቅ ነው፦

```
=WORKDAY.INTL(A2-1,17,1,$F$2:$F$20)
```

እንዲህ ከተጻፈ መነሻው የሥራ ቀንም ሆነ እረፍት፣ መልሱ ምንጊዜም ሥራ የሚገባበት ቀን ነው።

እዚህ ድረስ ያለው ለማንም አገር ይሠራል። የእኛን አገር ቆጠራ የተለየ የሚያደርገው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ኤክሴል ሒሳብ የሚሠራው በፈረንጆቹ ቀን ብቻ ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 2018ን «01/08/2018» ብሎ የጻፈ ሰው ለኮምፒዩተሩ የነገረው ከሰባት ዓመት በላይ ስላለፈው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2018 ነው፤ የኮምፒዩተሩ አቀማመጥ እንደ አሜሪካውያን ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ ስለ ጃንዋሪ 8። የእኛዋ ሚያዝያ 1 ሐሙስ ስትሆን ኦገስት 1 ቀን 2018 ረቡዕ ነበር። የሳምንቱ ቀን በአንድ ስለተንሸራተተ ቅዳሜና እሑዱ ሁሉ ቦታውን ይለቃል።

የሚያስገርመው፣ ስህተቱ ላይታወቅ መቻሉ ነው። መነሻውንም፣ መድረሻውንም፣ አራቱን በዓላትም እንዲሁ በኢትዮጵያ ቀን ብትጽፏቸው ኤክሴል ኦገስትን ይቆጥርና 22 የሥራ ቀን ያገኛል። ፋሲካ ቅዳሜ ላይ ይወድቅና ሳይቀነስ ይቀራል፤ ሦስቱ በዓላት በሥራ ቀን ይውላሉ። መልሱ 19! ትክክል፣ ግን በአጋጣሚ። ያንኑ ሠንጠረዥ እሑድ ብቻ እረፍት ወደሆነበት ወደ 11 ስትቀይሩት ፋሲካ የወደቀባት ቅዳሜ የሥራ ቀን ትሆንና አራቱም በዓላት ይቀነሳሉ፤ 23 መሆን የነበረበት 22 ይሆናል። በአንድ ክፍል ተፈትኖ «ይሠራል» የተባለ ሠንጠረዥ ሌላ ክፍል ሲሄድ የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ይህን ለመያዝ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ ዕለቱን የሚጽፍ ዓምድ ጨምሩ፦

```
=TEXT(A2,"dddd")
```

ሐሙስ መሆን ያለበት ቀን አጠገብ ረቡዕ የሚል ካያችሁ የተጻፈው ቀን ወደ ፈረንጅ አልተቀየረም። ሌላም ምልክት አለ። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ቀን 2018ን «30/02/2018» ብላችሁ ብትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል፤ ሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ መጠጋቱ ቀርቶ ወደ ግራ ይጠጋል፣ ቀመሩም በ`#VALUE!` ይመልሳል። 13ኛ ወር የሆነችው ጳጉሜንም ያው ናት። ይህ መልካም ስህተት ነው፤ ቢያንስ ይጮኻል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ቁጥር የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ለሚያዝያው ፈቃድ A2 ላይ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2026፣ B2 ላይ ሜይ 8 ቀን 2026 ይጻፋል፤ የኢትዮጵያው ቀን በሌላ ዓምድ ለአንባቢ ብቻ ይቀመጣል።

የቀረው የበዓላት ዝርዝሩ ነው፤ በእኔ እምነት ከቀመሩ ይልቅ ጊዜ የሚገባው እሱ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ዓይነት በዓል አለ። እንደ መስቀልና አድዋ ያሉት በወር ቀናቸው የታወቁ ናቸው። ፋሲካና ስቅለት በየዓመቱ ይዘዋወራሉ፤ ግን ባሕረ ሐሳብ ከብዙ ዓመት በፊት ያስታውቃቸዋል። ሦስተኛዎቹ፣ ዒድ አል-ፈጥርንና ዒድ አል-አድሐን የመሳሰሉት፣ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቀናቸው አስቀድሞ ቢገመትም የሚጸናው ጨረቃዋ ስትታይ ነው። ዒድ አል-አድሐ በ2018 የሚገባው ግንቦት ውስጥ ነው። በሚያዝያ ማለቂያ ወጥቶ ግንቦትን የሚዘልቅ ፈቃድ የጠየቀ ሰው የመመለሻው ቀን ቅጹ ሲፈረም የተጻፈው ላይሆን ይችላል፤ የዒዱ ቀን ሲቆረጥ ዝርዝሩ ላይ ታርሞ እንደገና መቆጠር አለበት። በሠንጠረዡ ላይ እነዚህን ቀኖች በሌላ ቀለም ማስመር ሥራውን ያቀልላል።

ከአገር ውጭ ላለው ወገናችን ዝርዝሩም የሳምንቱ እረፍትም ይለወጣል። ሳውዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 የሳምንት እረፍቷን ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ አዛውራለች፤ እዚያ ያለ ሠራተኛ ቀመሩ ውስጥ 7 ይጽፋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የመንግሥት ሥራዋን ወደ ቅዳሜና እሑድ እረፍት ቀይራ ዓርብን ግማሽ ቀን አድርጋለች። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ በአንድ ቀመር መቁጠር አይቻልም፤ ለሁለት ከፍሎ ቆጥሮ መደመር ያስፈልጋል።

አሜሪካ ውስጥ ያለው ልዩነት ሌላ ነው። የፌዴራል በዓል ቅዳሜ ሲውል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብን፣ እሑድ ሲውል ሰኞን ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2026 የነፃነት ቀን የሆነው ጁላይ 4 ቅዳሜ ስለሚውል ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ያለበት ዓርብ ጁላይ 3 ነው። ጁላይ 4ን የጻፈ ሰው ቀመሩ እንደ እረፍት ቀን አልፎት አንድ የሥራ ቀን ይተርፍበታል። በእኛ አሠራር በዓል እሑድ ላይ ሲውል ምትክ ቀን አይሰጥም፤ ፋሲካ ሲያልፍ ሰኞ ሥራ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው መሥሪያ ቤቱ የሚዘጋበት ቀን እንጂ በዓሉ የሚውልበት ቀን አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ያለፈውን ዓመት ዝርዝር ገልብጦ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መቀየር የተለመደ አቋራጭ ነው። ለጊዜው ያስኬዳል። የ2019 ጳጉሜን ግን ዘመኑ ሉቃስ ስለሆነ 6 ቀን ናት፤ በዚህ ምክንያት የ2020 እንቁጣጣሽ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላል። መስቀልም ወደ ሴፕቴምበር 28፣ ጥምቀትም ወደ ጃንዋሪ 20 ይሸጋገራሉ። ገና ግን ጃንዋሪ 7 ላይ እንዳለ ይቆይና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ይሆናል። የመሥሪያ ቤታችሁ ሠንጠረዥ በፈረንጅ ቀን የተጻፉ የቆዩ በዓላት ካሉበት የ2020 ዝርዝር ከኢትዮጵያው ካላንደር እንደ አዲስ ይጻፍ።